ዋጋው ያልተነቃነቀ አክሲዮን ስጋት የለበትም?

«የባንክ አክሲዮን ከገዛሁ ቆየሁ። ዋጋው ንቅንቅ አላለም። ቤታው ዜሮ የሆነ አክሲዮን ከገበያው ጋር አይወዛወዝም ሲሉ ሰማሁ። ታዲያ የኔ ስጋት የለበትም ማለት ነው? ሱቄ እዚሁ ባሕር ዳር ነው፤ አሁን ደግሞ ጣና ዳር ያለ ሆቴል አክሲዮን ሊሸጥ ነው ስለተባለ ልጨምር አስቤያለሁ።»

አይደለም። ለሆቴሉም ቢሆን ቤታን ብቻ ይዘው እንዲወስኑ አልመክርዎትም። ምክንያቱን ላስረዳ።

መዋዠቅና ቤታ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ነገር ይወራሉ። የሚለኩት ግን የተለያየ ነገር ነው። መዋዠቅ የአክሲዮኑን የራሱን ውጣ ውረድ ይለካል። የየወሩ የዋጋ ለውጥ በመቶኛ ይሰበሰባል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ወር ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ ይሰላል። ቤታ ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። ጠቅላላው ገበያ 1 በመቶ ሲወጣ ወይም ሲወርድ ይህ አክሲዮን በአማካይ በስንት በመቶ አብሮት ይሄዳል? አብሮት እኩል ከሄደ ቤታው 1 ነው። ግማሹን ከሄደ 0.5 ነው።

ስሌቱ ሁለት ነገር ይፈልጋል። የአክሲዮኑን መዋዠቅ ለገበያው መዋዠቅ ያካፍላሉ። ከዚያ ኮሪሌሽን በሚባለው ቁጥር ያባዙታል፤ ይህ ቁጥር ሁለቱ ምን ያህል ተያይዘው እንደሚሄዱ የሚያሳይ ነው። ጣጣው ያለው እዚህ ማባዛቱ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል የራሴን ቁጥሮች ልስጥ። የገበያው ወርሃዊ መዋዠቅ 4 በመቶ ነው እንበል። አንድ ባንክ 5 በመቶ ይዋዥቃል፤ ከገበያው ጋር ያለው ኮሪሌሽን 0.8 ነው። 5 ለ4 ሲካፈል 1.25፣ በ0.8 ሲባዛ ቤታው 1 ይሆናል። ጣና ዳር ያለው ሆቴል ደግሞ 12 በመቶ ይዋዥቃል፤ ኮሪሌሽኑ ግን 0.2 ብቻ ነው። 12 ለ4 ሲካፈል 3፣ በ0.2 ሲባዛ ቤታው 0.6 ይሆናል።

ቤታን ብቻ ያየ ሰው ሆቴሉ ከባንኩ የተረጋጋ ይመስለዋል። የሆቴሉ ዋጋ ግን ከባንኩ ከሁለት እጥፍ በላይ ይናጣል። ቤታው ዝቅ ያለው የሆቴሉን ዋጋ የሚንጠው የአክሲዮን ገበያው ስላልሆነ ነው። ጎብኚ ይመጣል ወይስ አይመጣም፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ፣ ለጥምቀት አልጋ ይሞላል ወይስ ባዶ ያድራል፤ የሚንጠው ይህ ነው። ኮሪሌሽኑን 0.2 በራሱ ሲያባዙት 0.04 ይሆናል። ስለዚህ የሆቴሉ መዋዠቅ በራሱ ተባዝቶ ቫሪያንስ በሚባለው መለኪያ ሲታይ፣ ገበያው የሚያስረዳው 4 በመቶውን ብቻ ነው። ቀሪው 96 በመቶ የሆቴሉ የራሱ ጉዳይ ነው።

የቤታ ሐሳብ ከእነ አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ዊሊያም ሻርፕ ሥራ ጋር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲስፋፋ አንድ ግምት ይዞ ነው። ባለሀብቱ ብዙ ዓይነት አክሲዮን ስለሚይዝ የአንዱ ድርጅት የብቻው ችግር በሌላው ይጣፋል፤ የሚቀረው ከገበያው የመጣው ስጋት ብቻ ነው የሚል ግምት ነው። ሃያና ሠላሳ ድርጅት ለያዘ ሰው ይህ ያስኬዳል። እርስዎ ግን ሁለት አክሲዮን ብቻ ይዘው፣ ሱቅዎም እዚያው ከተማ ሆኖ፣ ያ 96 በመቶ የሚጣፋበት ቦታ የለውም። ጎብኚ ሲጠፋ ሆቴሉም ሱቅዎም አብረው ይጎዳሉ። ለእርስዎ ቀድሞ መታየት ያለበት መዋዠቁ እንጂ ቤታው አይደለም።

አሁን ወደ ባንኩ አክሲዮን እንምጣ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራውን በይፋ የጀመረው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አክሲዮን መሸጥ የፈለገ ሰው ገዢ የሚፈልገው በሰው በሰው ነበር። ተስማምተው ውል ይፈጽማሉ፣ በባንኩ መዝገብ ስም ይዛወራል። በሁለት ሽያጭ መካከል ረጅም ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። በዚያ መሀል የተጻፈው ዋጋ ያው የድሮው ነው። የጣናን ከፍታ በወር አንድ ቀን ብቻ የለካ ሰው መዝገቡ ላይ ማዕበል አይታየውም። የእርስዎም አክሲዮን እንደዚያ ነው፤ ዋጋው ያልተነቃነቀው ስላልተለካ ነው።

የሚሸጠው አልፎ አልፎ ሲሆን ደግሞ ቤታው እንዴት እንደሚያታልል ይዩ። ገበያው በአራት ተከታታይ ወራት 4 በመቶ ወጣ፣ 4 ወጣ፣ 4 ወረደ፣ 4 ወረደ እንበል። አክሲዮኑ በእውነት ከገበያው እኩል የሚሄድ ነው፤ ግን ግብይቱ ቀርፋፋ ስለሆነ ለውጡ ዋጋው ላይ የሚታየው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ካለፈው ወር የተረፈ ውድቀት ስላለ የመጀመሪያው ወር ላይ 4 ወረደ ይላል። ከዚያ 4 ወጣ፣ 4 ወጣ፣ 4 ወረደ። ሁለቱን ወር ለወር ሲያስተያዩ ሁለት ጊዜ አብረው ሄደዋል፣ ሁለት ጊዜ ተቃርነዋል። ተጣፍቶ ቤታው ዜሮ ይወጣል። ያንኑ አክሲዮን ከገበያው ካለፈው ወር ጋር ሲያስተያዩት ግን አራቱም ወር ልክክ ይላሉ፤ ቤታው 1 ይሆናል። አክሲዮኑ ያው ነው፣ ስጋቱም ያው ነው።

የፋይናንስ ምሁሩ ኤልሮይ ዲምሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ማስተካከያ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ገበያው በዚህ ወር ብቻ ሳይሆን ባለፈውም፣ አንዳንዴም በሚቀጥለው ወር የሄደበት መጠን አብሮ ይገባና ቁጥሮቹ ይደመራሉ። የባለፈው ወር ድርሻ ጎልቶ ከወጣ ዋጋው ዘግይቶ እየመጣ መሆኑን ያውቃሉ። ግን ይህም ቢሆን ተአምር አይሠራም። ሁለት ዓመት ሙሉ የተመዘገበ አክሲዮን እንኳ 24 ወርሃዊ ዋጋ ብቻ ነው ያለው። ከዚያም ላይ ግማሹ ወር ሽያጭ ከሌለ፣ የሚወጣው ቤታ በአንድ ወር ዋጋ ብቻ ሊገለባበጥ ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። «ገበያው» ሲባል ውስጡ ያሉት ባብዛኛው ባንኮች ከሆኑ፣ አንድ ባንክ ቤታው 1 ነው ማለት ከሌሎች ባንኮች ጋር ይሄዳል ማለት ብቻ ነው። ስለ ጠቅላላው ኢኮኖሚ ብዙም አይነግርዎትም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ወደ አገናኝ ድርጅት ደውለው ያለዎትን አክሲዮን ግማሹን በዚህ ሳምንት መሸጥ ቢፈልጉ በስንት ሊወጣ እንደሚችል ይጠይቁ። መጨረሻ የተሸጠው መቼ እንደሆነና ስንት አክሲዮን እንደተሸጠም ይጠይቁ። ገዢ የሚሰጠው ዋጋና ሻጭ የሚጠይቀው ዋጋ በጣም ከተራራቁ፣ ለዓመታት ተረጋግቶ ያዩት ዋጋ የሚሸጡበት ዋጋ አይደለም።

ከገበያውና ከአገናኝ ድርጅቶችም የምጠይቀው አለ። ለሕዝብ ቤታ ወይም መዋዠቅ ሲያወጡ ሁለት ቁጥር አብረው ይጻፉ፤ አክሲዮኑ በስሌቱ ዘመን በስንት ቀን እንደተገበያየና ስሌቱ በስንት ዋጋ ላይ እንደተመሠረተ። በዓመት አሥር ቀን ብቻ የተሸጠ አክሲዮን ላይ ቤታው 0.1 ነው ብሎ ብቻውን መለጠፍ፣ ጡረታቸውን አክሲዮን ላይ ያዋሉ ሰዎችን ማሳሳት ነው።