ማስተካከያ፦ ስለ ቅድመ ግብር ተቀናሽ

ከአንባቢ የደረሰ፦ «ከሥራ ተቋራጭ የሚቀነሰው 2 በመቶ እንደ ደመወዝ ግብር ሁሉ ያለቀለት ግብር ነው ብለው ጽፈዋል። ትክክል ነው?»

ትክክል አልነበረም፤ ስህተቱ የእኔ ነው። ከደመወዝ የሚቀነሰው ሠራተኛው ሌላ ገቢ ከሌለው በአብዛኛው የመጨረሻ ግብር ነው። ከተቋራጭ የሚቀነሰው ግን ከዓመቱ የንግድ ትርፍ ግብር ላይ የሚታሰብ ቅድመ ክፍያ ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጠኑ 2 በመቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተሻሽሏል። አንድ ቀለም ቀቢ ድርጅት ያን ጊዜ ተጨማሪ እሴት ታክስን ሳይጨምር በ400,000 ብር ሠራ እንበል። ከፋዩ፣ ማለትም ሥራውን ያሠራው ድርጅት፣ 8,000 ብር ቀንሶ ለመንግሥት ያስገባል። የዓመቱ ግብር 45,000 ብር ቢሆን ቀቢው የሚጨምረው 37,000 ብር ብቻ ነው። 15 በመቶው ታክስ ተደምሮበት 9,200 ብር ከተቀነሰ ግን ስሌቱ ተሳስቷል። የቅድመ ግብር ደረሰኝ ካልተሰጠው ደግሞ መቀነሱን ማስረዳት ይቸግረዋል፤ ያንን 8,000 ብር ሁለተኛ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ ቼኩን ሲቀበል ደረሰኙንም ይጠይቅ።

መንግሥታት ግብሩን ከክፍያው ላይ አስቀድሞ የማስቀነስን መንገድ የሚመርጡት መቶ ሠራተኛ ከማሳደድ አንድ ቀጣሪን መቆጣጠር ስለሚቀልና ገንዘቡ ዓመቱን ሳይጠብቅ በየወሩ ስለሚገባ ነው። በተቋራጭ በኩል ግን ትልቁ ጥቅም መረጃው ይመስለኛል። ከፋዩ ለራሱ ወጪ ሲል ያስመዘገበው ክፍያ፣ ተቀባዩ ገቢውን ዝቅ አድርጎ ሲያሳውቅ ያጋልጠዋል። በጥሬ ገንዘብ፣ ያለ ደረሰኝ በሚያሠራ ግለሰብ ዘንድ ግን ይህ አይሠራም።