«እሑድ፦ ክለሳ» ብሎ ነገር

ለሕክምና ሙያ ፈቃድ ፈተና የሚዘጋጅ ሰው ሁሉ አንድ ሰንጠረዥ አለው። ስድስቱ ወር በ26 ሳምንት ተሸንሽኖ፣ ልብ በቀይ፣ ኩላሊት በቢጫ፣ ሕፃናት በአረንጓዴ ተቀልሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ አዲስ ትምህርት፣ ቅዳሜ ዕረፍት፣ እሑድ ላይ ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ፦ «ክለሳ»። የየትኛው ሳምንት ክለሳ? ስንት ሰዓት ይፈጃል? በምን ዘዴ? ለነዚህ ሁሉ መልስ የለም። ሰንጠረዡን የሠራው ሰው ለሳይነስ በሽታ ሳይቀር ግማሽ ቀን መድቦ ሲያበቃ፣ ያጠናውን ሁሉ ላለመርሳት የሚደረገውን ትግል ለአንዲት ቃል አስረክቦ ተኝቷል። ይህንን ሰንጠረዥ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የመደመር ጉዳይ ነው። በመጀመሪያው እሑድ የሚከለሰው የአንድ ሳምንት ትምህርት ነው። በአሥረኛው እሑድ የሚጠብቀው የአሥር ሳምንት ነው። ሳጥኗ ግን ያችው ናት፣ እሑድም ያው ስምንት ሰዓት ነው። እንዴት ሆኖ ይገባል ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በቅርቡ አንዲት የሙያ ባልደረባዬ ዕቅዷን አምጥታ «እስቲ እይልኝ» አለችኝ። ለስድስት ወር ሥራ ትታ ለጥናት ብቻ የተቀመጠች ሰው ናት። በሳምንት 48 ሰዓት ታጠናለች፤ አምስቱን ቀን ስምንት ስምንት ሰዓት አዲስ ትምህርት፣ እሑድን ስምንት ሰዓት ክለሳ። 24 ሳምንት በዚህ ሁኔታ ከሄደ በኋላ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት «አጠቃላይ ክለሳ» ተብለዋል። ሲያዩት የሚያምር ነገር ነው። «አንድ ሳምንት ያጠናሽውን መልሰሽ ስትከልሺው ስንት ሰዓት ይወስድብሻል?» አልኳት። ደግነቱ ሰዓት ይዛ ታውቃለች። የ40 ሰዓቱ ትምህርት በማግስቱ ሳምንት ሲከለስ 10 ሰዓት ያህል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ 4 ሰዓት፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ ደግሞ 2 ሰዓት ይፈጅባታል። የሌላ ሰው ቁጥር ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ስሌቱ ግን አይለወጥም።

አብረን ቁጭ ብለን ደመርነው። በሁለተኛው ሳምንት ገና የክለሳው ዕዳ 10 ሰዓት ነው፤ እሑድ ያላት 8 ብቻ ነው። በአራተኛው ሳምንት የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ ስለሚመጣ ዕዳው 14 ይደርሳል። ከዘጠነኛው ሳምንት ጀምሮ ሦስቱም ዙሮች ስለሚደራረቡ በየሳምንቱ 16 ሰዓት ይሆናል፤ ከእሑዷ በትክክል እጥፍ ማለት ነው። ይህ ጉድለት እየተጠራቀመ እስከ 24ኛው ሳምንት ሲሄድ 162 ሰዓት ይሞላል። ለ«አጠቃላይ ክለሳ» የተቀመጡት ሁለት ሳምንታት 96 ሰዓት ናቸው። እንግዲህ ያ የሚያምር ሰንጠረዥ ገና ሳይጀመር ተሰብሮ ነበር። ሰው ግን በአሥረኛው ሳምንት ወደ ኋላ ሲቀር ሰንጠረዡን አይጠረጥርም፤ ራሱን «ሰነፍ ነኝ» ይላል፤ ከዚያ የእንቅልፉን ሰዓት ቆርሶ ይጨምርበታል። የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

መፍትሔው ለመናገር ቀላል፣ ለመቀበል ግን መራራ ነው። ክለሳው የአዲሱን ትምህርት 40 በመቶ የሚወስድ ከሆነ፣ 48ቱ ሰዓት ለሁለቱም እንዲበቃ አዲሱ ትምህርት ወደ 34 ሰዓት መውረድ፣ ክለሳው ወደ 14 መውጣት አለበት። ይህም ለአንድ እሑድ አይበቃም፤ በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሁለት ሰዓት ክለሳ ተሠርቶ የቀረው እሑድ ይጨረሳል። በተጨማሪም የመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት አዲስ ነገር የማይገባባቸው፣ የተቀላቀሉ ጥያቄዎችና ሙሉ የሙከራ ፈተናዎች ብቻ የሚሠሩባቸው ይሁኑ። ለሕመምና ለመዘግየት ሁለት ሳምንት ባዶ ይተው። የቀረው 18 ሳምንት ነው። 18 ጊዜ 34 ደግሞ 612 ሰዓት። በፊተኛው ዕቅድ 960 ሰዓት አዲስ ትምህርት ነበር። ከአንድ ሦስተኛው በላይ ተቆርጦ መጣል አለበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጩኸት ይነሳል። «ምኑን ልተው? ሁሉም ይመጣል!» ሁሉም እኩል አይመጣም። ፈታኙ አካል ብዙ ጊዜ የፈተናውን ይዘት ከየክፍሉ ድርሻ ጋር ያወጣል። ያንን ከፊት አስቀምጦ፣ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሙሉ የሙከራ ፈተና ወስዶ፣ ድርሻቸው ትልቅ ሆኖ ውጤታቸው ደካማ የሆነባቸውን ክፍሎች ማስቀደም ይቻላል። ድርሻው ትንሽ የሆነውና ማስታወሻ ደብተሩ ወፍራም የሆነው ክፍል ይቆረጣል። ሰው ግን በተቃራኒው የሚወደውን ክፍል ሦስት ጊዜ ያነባል፤ የሚፈራውን ለመጨረሻ ወር ያቆያል።

ደግሞ «ክለሳ» ሲባል ብዙዎች የሚያደርጉት ነገር አለ፤ ያሰመሩበትን ማስታወሻ እንደገና ማንበብ። ገጹ የታወቀ ፊት ይመስላል፤ ራስ እየነቀነቁ ያልፋሉ፤ ማታ ላይ «ዛሬ ኩላሊትን ጨረስኩ» ይላሉ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኬ በ2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት ይህንኑ ፈትነውታል። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደግሞ አነበበ፤ ሌላው ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋሚ አንባቢዎቹ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ለዚህ ነው እሑድ ማታ ያለው ደስታ የማይታመነው፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚመጣውን ስሜት እንጂ ፈተናው ቀን የሚቀረውን አይለካም። ክለሳ የሚጀመረው ደብተሩ ተዘግቶ ነው። ባዶ ወረቀት ይወጣል፣ የሳምንቱ ርዕስ ይጻፍበታል፣ የሚታወሰው ሁሉ ይሰፍራል፤ ደብተሩ የሚከፈተው የጎደለውን ለማየት ብቻ ነው።

ቀጥሎ የስህተት መዝገብ የሚሉት አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የሚጻፍበት ግን ያስለቅሳል። የባልደረባዬን መዝገብ ገለጥኩ፤ «ሶዲየም ማነስ — ድጋሚ አንብቢ» ይላል። ይህ ምን ይጠቅማል? የተሳሳተችበትን ጥያቄ አብረን አየነው። የሳንባ ካንሰር ያለበት ሰው ግራ ገብቶት ይመጣል፤ ሶዲየሙ 118 ነው፤ የደም ግፊቱ ደህና ነው፤ የውኃ እጥረትም እብጠትም የለበትም። ሽንቱ የተከማቸ ነው፤ የሽንት ሶዲየሙም ከፍተኛ ነው። እርሷ የመረጠችው ጨዋማ ፈሳሽ በብዛት መስጠትን፣ የተቅማጥ ሕመምተኛ ይመስል። ሶዲየም ማነስ ምን እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች፤ ድጋሚ ብታነበው ለውጥ የለውም። ያመለጣት መለያው ነው። ሰውነት ውኃ አጥሮት ሶዲየም ሲወርድ ኩላሊት ጨው ስለሚቆጥብ የሽንት ሶዲየም ብዙውን ጊዜ ከ20 በታች ይወርዳል። ውኃ ሳያጥር ሽንት ተከማችቶ ሶዲየሙ ከ40 በላይ ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ ውኃ የሚያስቀር ሆርሞን ያለ ቦታው እየፈሰሰ ነው፤ ውኃ መገደብ እንጂ ተራ ጨዋማ ፈሳሽ መጨመር አይበጅም፤ እንዲያውም ሊያብስ ይችላል።

ስለዚህ በመዝገቡ ላይ መጻፍ የነበረበት ይህ ነው፦ «ሶዲየም ዝቅ ብሎ ሰውየው ውኃ ካላጠረው፣ ፈሳሽ ከመምረጤ በፊት የሽንቱን ሶዲየም አያለሁ።» አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ምልክቱና ውሳኔው ያሉበት። በሚቀጥለው ሳምንት ክለሳ የሚመጣው ይህ ዓረፍተ ነገር በጥያቄ መልክ ተገልብጦ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ጊዜ ይፈልጋል፤ 40 ጥያቄ በአንድ ሰዓት ቢሠራ፣ መልሱን በዚህ ሁኔታ መመርመር ሁለት ሰዓት አልፎ ይሄዳል። ይህንንም የሚቆጥር ሰንጠረዥ አይቼ አላውቅም። «በቀን 120 ጥያቄ» ብለው ይጽፋሉ፤ የምርመራው ስድስት ሰዓት ከየት እንደሚመጣ ግን ዝም።

ሌላው ብስጭቴ የውጤት ነገር ነው። በልብ ሳምንት የልብ ጥያቄ ብቻ ስትሠራ ትንፋሽ ያጠረው ሁሉ የልብ ድካም ነው። ርዕሱ ራሱ ግማሹን መልስ ነግሯታል። ፈተናው ላይ ግን ትንፋሽ ያጠረው ሰው ወደ ሳንባ የሄደ የደም መርጋት፣ ከባድ የደም ማነስ ወይም የሳንባ ምች ሊኖርበት ይችላል፤ በጥያቄው ራስጌ ላይ «ልብ» ብሎ የሚጽፍላት የለም። ስለዚህ የየሳምንቱ ክለሳ ጥያቄ ካለፉት ሳምንታት ሁሉ ተቀላቅሎ መውጣት አለበት። ያን ጊዜ ውጤት ይወርዳል፤ ሰዎች ደንግጠው ወደ አንድ ርዕስ ይመለሳሉ፤ ውጤቱ መልሶ ይወጣል፤ ደስ ይላቸዋል። የወረደው ውጤት ነበር እኮ እውነተኛው! ማየት ያለባት በየሳምንቱ የተቀላቀለው ውጤት እየወጣ መሆኑንና ከወር በፊት በመዝገቡ የገባ ስህተት እንደገና መምጣት አለመምጣቱን ነው። ያው ስህተት ሁለት ጊዜ ከተደገመ አዲስ ትምህርት ለጥቂት ቀን ይቆማል እንጂ በላዩ አይከመርም።

«ስንተኛ ዙር ላይ ነሽ?» የሚሉትን ደግሞ ምን ልበላቸው? ዙር የሚቆጠረው ገጽ ሲገለጥ ነው። አንዱ አራተኛ ዙር ላይ ሆኖ ያቺኑ የሶዲየም ጥያቄ ሲስት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሌላዋ አንድ ዙር እንኳ ሳትጨርስ መለያውን በቃሏ ትነግርሃለች። ጥያቄው ግን ዘወትር ስለ ዙር ነው፤ የሚመልሱትም በኩራት ነው።

ባልደረባዬ ዕቅዷን ከለሰችው። 18 የትምህርት ሳምንታት፣ ጠዋት ጠዋት ክለሳ፣ ስድስት የቅልቅል ሳምንታት፣ በእነዚያም ውስጥ ፈተናው በሚጀምርበት ሰዓት የሚጀመሩ ሦስት ሙሉ የሙከራ ፈተናዎች፣ በየመሐሉ ደግሞ የተገኘውን ክፍተት መድፈኛ ቀናት። ሁለቱ ባዶ ሳምንታት በነጭ ቀርተዋል። ለጥናት ጓደኞቿ ብታሳያቸው ከሌላው ሁሉ ይልቅ ዓይን የገባው ነጩ ነበር። «እኛ እንቅልፍ አጥተን አንቺ ሁለት ሳምንት ታርፊያለሽ?» አሏት። ከሁለቱ የመጀመሪያው ቀኑ ሳይደርስ በትኩሳት አልቋል።