ማስተካከያ፦ የሳምቡሳ መጥበሻ ዘይት ምን ያህል ይጋል?

«ዘይቱ ጢስ እስኪያወጣ ካልጋለ ሳምቡሳው ዘይት ይጠጣል።»

እውነቱ ግማሹ ብቻ ነው። ዘይቱ ለብ ያለ ከሆነ ሊጡ በእርግጥ ዘይት ይጠጣል። ጢስ ካወጣ ግን ከልክ አልፏል፤ ላዩ ቶሎ ይጠቁርና ውስጡ ሳይሞቅ ይቀራል። ትክክለኛው ከ175 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በዚህ ሙቀት ሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ በፍጥነት ይተንና ላዩን ጉብ ጉብ ያደርገዋል።

ቴርሞሜትር ከሌለ ቁራጭ ሊጥ ጣሉበት። ወዲያው እየተንጨረጨረ ተንሳፎ ቀስ ብሎ ከቀላ ዘይቱ ደርሷል።

ሳምቡሳዎቹን ግን በአንድ ጊዜ አታጭቋቸው። ከጨመራችሁ በኋላ መንጨርጨሩ ጸጥ ካለ ዘይቱ ቀዝቅዟል ማለት ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ውስጡ የሚገባው ቀድሞ የበሰለ ይሁን፣ ውሃ አይቋጥር። ከፍሪጅ እንደወጣም አትጠቅልሉት፣ መሃሉ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል።