እኔ የጻፍኩት ሌላ፣ የተመለሰልኝ ሌላ

«በስልክ፣ በአካል፣ በቴሌግራም እንዲሁም በፌስቡክ እንኳን ተወለድክ ላላችሁኝ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ክበሩልኝ!»

ይህችን ጽሑፍ የማያውቃት የለም። በቀደም አንድ የባሕር ዳር፣ የሽምብጥ ሰፈር ልጅ፣ አብሮ አደጌ፣ እሷኑ ለጠፈ። እኔ የጻፍኩለት ግን ረዘም ያለ ነበር። ከዘጌ ስንመለስ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነስቶ ጀልባዋን ሲያንገላታት፣ ጃኬቱን አውልቆ ለማናውቃቸው እናት እንዳለበሳቸው አስታወስኩት። መልሱ አንድ ላይክና ያች ጽሑፍ ሆነች። ከፋኝ። ከምስጋናው መሃል «ጀልባዋን አልረሳሁም» ቢል ይበቃኝ ነበር።

ለእያንዳንዱ ሰው መመለስ እንደማይቻል ይገባኛል። አንድ ፖስት ይበቃል። ግን ልብ በሉ፣ ያች ጽሑፍ የምትቆጥረው ምኞቱ በምን በኩል እንደመጣ ነው። ሰዎቹ ምን እንዳሉ የለባትም። ስለዚህ ማንም ገጽ ላይ ብትለጠፍ ትሄዳለች። ኮፒ መሆኗ የሚታወቀውም በዚህ ነው።

የአክስቴ ልጅ ያደረገችውን ልንገራችሁ። የተወለደችው ኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት ነው። ፌስቡክ የሚያስታውሰው ግን ኖቬምበር 21ን ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ኅዳር 12 በአንድ ቀን ይገፋና ኖቬምበር 22 ላይ ይውላል። በ2016 እንዲህ ሆነ። አንዳንዱ ፌስቡክ ሲነግረው ጻፈ፣ ሌላው በማግስቱ በሚካኤል አስታውሷት ደወለ። እሷ ሁለቱም ቀን እስኪያልፍ ጠበቀች። ማታ ቁጭ ብላ ሁሉንም አነበበች፤ ከዚያ እንዲህ ጻፈች፦

«ሚካኤልን ተሳልመው ሲመለሱ የደወሉልኝ የሰፈራችን እናት፣ ምርቃትዎን አሜን ብያለሁ። የዶርማችንን የሽሮ ድስት ያነሳሽው ልጅ፣ ማን እንዳሳረረው እኔና አንቺ እናውቃለን። ቆሮሶ ዓሣ እንብላ ያላችሁኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይመቸኛል። በአጭሩ መልካም ልደት ያላችሁኝ፣ ስማችሁን አንድ በአንድ አይቻለሁ። ከተያየን የቆየን አለን፤ ደህና መሆናችሁን በማወቄ ደስ ብሎኛል።»

አንድም ስም አልጠራችም፣ አንድም ሰው ታግ አላደረገችም። ስም ቢጠራ ኖሮ ያልተጠራው ይከፋው ነበር። የተባለው ነገር ሲነሳ ግን ባለቤቱ ራሱን ያውቃል። የድስቷ ባለቤት ወዲያው «እኔ አይደለሁም ያሳረርኩት!» ብላ ኮሜንት ላይ መጣች። ትልቋን ሴት «እርስዎ»፣ ጓደኛዋን «አንቺ» ማለቷንም እዩልኝ። ሁሉንም «እናንተ» ውስጥ ብትከታቸው ይህ ሁሉ ይጠፋ ነበር።

በአጭሩ ለጻፉት በአጭሩ መመለሷም ትክክል ነው። ለሁለት ቃል ረጅም ምስጋና ሲጻፍ የውሸት ይመስላል።

አንድ ሰው ደግሞ በውስጥ መስመር መልካም ልደት ብሏት፣ እናቱን በዚያው ሳምንት እንደቀበረ ነግሯት ነበር። እሱን ፖስቱ ላይ አላነሳችውም። ደውላ አነጋገረችው።