2/5 አይደለም፣ 2/7 ነው! ስንት ጊዜ ይነገር?

ኧረ በፈጠራችሁ! ፈተና በደረሰ ቁጥር ከደጀን እስከ ባሕር ዳር በቴሌግራም የሚዞረው የፊዚክስ ጥያቄና መልስ መቼ ነው የሚታረመው? «ሳይንሸራተት የሚንከባለል ድፍን ሉል ካለው ጠቅላላ ካይኔቲክ ኢነርጂ ስንት እጁ ሮቴሽናል ነው?» ይላል። መልሱ ላይ 2/5 ተከብባ ትጠብቃችኋለች። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያባዛታል፣ አስጠኚው ያነበንባታል፣ ምስኪኑ ተማሪ ይሸመድዳታል።

ከየት እንደመጣች ይታወቃል። የድፍን ሉል ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ I = ⅖mR² ነው። 2/5ን እዚያ ያያትና ሳይሠራ አንስቶ ይለጥፋታል። እስቲ ወርዳችሁ ሥሩት፦

KE = ½mv² + ½Iω²

ሳይንሸራተት ሲንከባለል v = ωR ስለሆነ፣ በω ቦታ v/R አስገቡ። R² ከላይም ከታችም ይሰረዝና ሁለተኛው ክፍል ⅖ × ½mv² ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ 2/5 የሚነግረን ሮቴሽናሉ *የትራንስሌሽናሉ* ስንት እጅ እንደሆነ ነው። የጠቅላላው አይደለም።

በቁጥር ይታይ። 2 ኪሎ የሚመዝን የብረት ሉል በሴኮንድ 3 ሜትር እየተንከባለለ ነው እንበል። ትራንስሌሽናሉ ½ × 2 × 9 = 9 ጁል። ሮቴሽናሉ የዚህ 2/5፣ ማለትም 3.6 ጁል። ድምሩ 12.6። 3.6ን ለ12.6 አካፍሉት፤ 2/7 ይመጣል፣ 28.6 ከመቶ ገደማ። የቀረው 5/7 ትራንስሌሽናል ነው። ራዲየሱ ስንት እንደሆነ አልጠየቅንም፣ አያስፈልግምም።

በዚያው ክብደትና ፍጥነት ድፍን ሲሊንደር ብትወስዱ I = ½mR² ነውና 9 እና 4.5 ይሆናል፤ ሮቴሽናሉ አንድ ሦስተኛ። ስስ ቀለበት ከሆነ I = mR² ስለሆነ 9 እና 9፣ እኩል ለእኩል።

«የለም፣ የእኛ ዘዴ ልክ ነው» የሚል ካለ ዘዴውን ቀለበቱ ላይ ይሞክረው። ከI ፊት ያለውን ቁጥር ዝም ብሎ መልስ ማድረግ ከሆነ ሕጉ፣ የቀለበት ቁጥር 1 ነው። ያ ማለት ኢነርጂው መቶ በመቶ ሮቴሽናል ነው፣ ለትራንስሌሽናል የተረፈ ምንም የለም። ታዲያ ባሕር ዳር ላይ ልጆች በዱላ እየነዱ የሚሮጡበት የብስክሌት ቸርኬ ባለበት ቆሞ ሊሽከረከር ነው ማለት ነው! ይህን አይቶ የማይደነግጥ አስጠኚ ምን ይባላል?

ሌላው ጉድ ደግሞ ኳስ ነው። «አንድ የእግር ኳስ ሲንከባለል» ብሎ ይጀምርና በ2/5 ያሰላል። የእግር ኳስ ውስጡ አየር እኮ ነው! ስስ ባዶ ሉል I = ⅔mR² ስለሆነ ሮቴሽናሉ ከጠቅላላው 2/5 ነው። እዚህ ላይ 2/5 በአጋጣሚ ልክ መልስ ትሆንና ልጆቹ ጭራሽ ይደናገራሉ። ድፍን ሉል ከፈለጋችሁ ብይ በሉ፣ የኩሽኔታ ብረት በሉ።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን አዋቂ ነኝ ባዩ ነው። መሬቱን በሚነካበት ነጥብ ዙሪያ እናሰላ ይልና I = 7/5 mR² ያወጣል። እስከዚህ ጎበዝ። በዚህ I ሲሰላ ½Iω² ብቻውን 12.6 ጁል ይሰጣል፤ ጠቅላላው እሱ ነው፣ አለቀ። እሱ ግን ½mv² ይደምርበትና 21.6 ጁል ብሎ ይጽፋል። ትራንስሌሽናሉን ሁለቴ ቆጠረው እኮ! ½mv²ን የሚደምር ሰው Iን በመሃል ነጥቡ ዙሪያ ያለውን ይውሰድ።

ደግሞ እባካችሁ «ሳይንሸራተት» የምትለዋን ቃል ቦታ ለመቆጠብ ብላችሁ አትሰርዟት። θ የጣውላው ዝንባሌ፣ μ የሰበቃ ኮፊሸንት ይሁኑና፣ ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ ቀለበት ሳይንሸራተት የሚወርደው tanθ ከ2μ ሳይበልጥ ነው፣ ሲሊንደር ከ3μ፣ ድፍን ሉል ከ3.5μ። μ 0.3 ቢሆን ቀለበቱ 31 ዲግሪ ገደማ ላይ መንሸራተት ይጀምራል፤ ሲሊንደሩ እስከ 42፣ ሉሉ እስከ 46 ይታገሳሉ። አንዱ ወረቀት ላይ በዚሁ μ ጣውላውን 40 ዲግሪ አቁመው ቀለበት ከላይ ለቀቁና «ግማሹ ሮቴሽናል» ብለው መለሱ። v = ωR እዚያ አይሠራም፤ ቀለበቱ እየተንሸራተተ ስለሚወርድ ሮቴሽናሉ ከግማሽ በታች ነው። ወይ ጣውላውን ዝቅ አድርጉት፣ ወይ ጥያቄውን አውጡት።