ክርክር፦ ሂጃብና የመንግሥት ትምህርት ቤት በር

ጥያቄው፦ «መንግሥትና ሃይማኖት ከተለያዩ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሂጃብ የለበሰችን ተማሪ ከበር መመለስ ይችላል?»

ርዕሰ መምህሩ፦ ይችላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። እኔ ራሴ አንድ ዓመት ሂጃብ ፈቅጄ፣ ሳምንት ሳይሞላ ሌሎቹ ነጠላ ተከናንበው መጡ፤ ቀጥሎ የጸሎት ክፍል ይሰጠን ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፌ ተገላገልኩ። ፈረንሳይስ የከለከለችው ለዚሁ አይደል?

የሕግ ባለሙያዋ፦ ፈረንሳይን ካነሱ ከሥሩ እንያዘው። በ1905 እ.ኤ.አ. የወጣው የመለያየት ሕግ ገለልተኛ እንዲሆን ያዘዘው መንግሥትን ነው፣ ተማሪዋን አይደለም። በ1989 ክሬይ በተባለች ከተማ ሦስት ልጃገረዶች በሻሽ ምክንያት ሲታገዱ፣ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት የሃይማኖት ምልክት መልበስ ብቻውን ከሴኩላሪዝም ጋር አይጋጭም አለ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ በየትምህርት ቤቱ ሲንከባለል ቆይቶ የተከለከለው በ2004 ፓርላማው ሕግ ሲያወጣ ነው። የእኛም አንቀጽ 27 ሃይማኖትን መግለጽ የሚገደበው በሕግ ብቻ ነው ይላል። የእርስዎ ማስታወቂያ ደግሞ ሕግ አይደለም።

ርዕሰ መምህሩ፦ እንግሊዝስ? የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አላት፣ 26 ጳጳሳት በላይኛው ምክር ቤት ይቀመጣሉ። ሆኖም በ2006 እ.ኤ.አ. አንዲት ሙስሊም ተማሪ በአለባበስ ደንብ ትምህርት ቤቷን ስትከስ፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ችሎት ለትምህርት ቤቱ ፈረደ።

የሕግ ባለሙያዋ፦ ፈርዷል። ግን ያ በሉተን ከተማ ያለ ትምህርት ቤት የከለከለው ረጅሙን ጅልባብ ነው፤ ሂጃቡን ፈቅዶ ነበር። ደንቡን ሲያወጣም ወላጆችንና የአካባቢውን ኢማሞች አማክሯል። እንግዲህ ይመልከቱ፤ የመንግሥት ሃይማኖት ባላት አገር ሂጃብ ለብሳ የምትማር ልጅ፣ ሴኩላር በተባለችው አገር ከበር ትመለሳለች።

ርዕሰ መምህሩ፦ የእኛ ታሪክ ግን ይለያል። በእኛ አቆጣጠር የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 ኦርቶዶክስን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ነበር። ከዚያ የወጣነው ሁሉም እኩል እንዲሆን ነው። ሁሉም ሳይከናነብ ይግባ፤ ከዚህ በላይ እኩልነት የት አለ?

የሕግ ባለሙያዋ፦ ማተብ ላሰረው ልጅ ይህ እኩልነት ምንም አያስከፍለውም፤ ማተቡ ከሸሚዙ ሥር ነው። እሷ ግን ከሃይማኖቷና ከፈተናዋ አንዱን ትመርጣለች።

ርዕሰ መምህሩ፦ ማተቡን አላሰብኩትም። የጸሎት ክፍሉስ?

የሕግ ባለሙያዋ፦ እሱ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ልብሱ የእሷ ነው፣ ክፍሉ ግን የመንግሥት ነው፤ ለአንዱ ከሰጡ ለሁሉም ሊያድሉ ነው። ፊት በሚሸፍን ልብስም ቢሆን፣ በፈተና ቀን ሴት ፈታኝ ለብቻ ወስዳ ማንነቷን ብታረጋግጥ ይበቃል። የሚከብደኝ ሂጃብ የምትለብስ መምህርት ጉዳይ ነው። እሷ ክፍል ውስጥ የቆመችው በመንግሥት ስም ነው።

ርዕሰ መምህሩ፦ እኔ ዘንድ ሂጃብ የሚለብሱ ሁለት መምህራን አሉ። በዚያው በር ነው የሚገቡት፤ አንድም ቀን አስቁሜያቸው አላውቅም።