ታብሌት እንደ ሁለተኛ ስክሪን፦ በገመድ ወይስ በዋይፋይ?

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11፣ ታብሌቴ 1920 በ1200 የሆነ አንድሮይድ ነው። ኤክሴሉን ላፕቶፑ ላይ፣ የደረሰኞቹን ፒዲኤፍ ታብሌቱ ላይ ለማየት ሁለቱም ላይ spacedesk ጭኛለሁ። ጽሑፉ ይደበዝዛል፣ ማውሱ ይዘገያል። ገመድ ልግዛ?

ፍኖተ ሰላም፦ ግዛ እንጂ! ላፕቶፑ ምስሉን ለራውተሩ ይልካል፣ ራውተሩ ደግሞ መልሶ ለታብሌቱ፤ አንዱ ምስል አየሩን ሁለቴ ይይዛል። ማውሱ ወደኋላ የሚቀረው ለዚህ ነው። በገመድ ግን ምስሉ ሳይታመቅ እንዳለ ይመጣል። ብቻ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ እንዳይሸጡልህ፤ ሰክተኸው ታብሌቱ የፋይል ማስተላለፊያ ምርጫ ካላመጣ ውስጡ የዳታ ሽቦ ላይኖረው ይችላል።

ባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ የመዘግየቱን ነገር ልክ ብለዋል፤ «ሳይታመቅ» ያሉት ግን አያስኬድም። ይህ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ 3.3 ጊጋቢት ገደማ ይፈልጋል፤ ዩኤስቢ 2.0 ቢበዛ 0.48 ነው። በገመድም ታምቆ ነው የሚሄደው።

ድብዘዛውን ለይተን እንየው። ጥቁሩ ጽሑፍ ጥርት ብሎ የቀይ ቁጥሮች ጠርዝ ብቻ ከተቀባ፣ ሲታመቅ የተጎዳው ቀለሙ ነው፤ spacedesk ላይ የጥራቱን መጠን ከፍ ማድረግ ነው። ሁሉም እኩል ከደበዘዘ ግን ሬዞሉሽኑ ነው። 1280 በ800 ሆኖ የመጣ ምስል እዚህ ስክሪን ላይ ሲለጠጥ አንዱ ነጥብ በአንድ ተኩል ነጥብ ላይ ያርፋል፤ ፊደሉ መጥራት አይችልም። 1920 በ1200 ይደረግና ጽሑፉ ካነሰ በ Scale 150% ይተልቅ።

ለመዘግየቱ ራውተሩን ከመሀል ማውጣት ይበቃል። ላፕቶፑ ላይ Mobile hotspot በ5 GHz ይበራ፣ ታብሌቱ ይግባበት፣ spacedesk ላይ 192.168.137.1 ይጻፍ።

ፍኖተ ሰላም፦ መብራት ሲጠፋስ? ራውተሩ ይጠፋል፤ ያ ሆትስፖት ደግሞ የሚያጋራው ኢንተርኔት ሲያጣ አልበራም ሊል ይችላል። ገመድ ይህን ሁሉ አያውቅም፣ ታብሌቱንም ቻርጅ ያደርጋል።

ባሕር ዳር፦ ያኔ ሆትስፖቱ ከታብሌቱ ይበራና ላፕቶፑ ይግባበት። ምስሉ የሲም ዳታ አይበላም፤ የዊንዶውስ አፕዴት ግን ይበላል፣ Metered connection ይብራ። ቻርጁን አይመኑት፤ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በደንቡ 0.5 አምፒር ነው፣ ስክሪኑ እንደበራ ባትሪው መውረዱ አይቀርም። ደግሞ እኮ መብራት በሌለበት የሚቀዳው ከላፕቶፑ ባትሪ ነው።

ፍኖተ ሰላም፦ ይውረድ፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ብዙ ቢሮ ባለበት ፎቅ የጎረቤቱ ዋይፋይ ሁሉ ሲደራረብ ምስሉ መንተባተቡን ምን ልትለው ነው?

ባሕር ዳር፦ የሚንተባተበውማ ፒዲኤፉ ሲገለጥ ነው፤ ቆሞ የሚነበብ ደረሰኝ ላይ አይታይም። ማውሱ አብዛኛውን ጊዜ ኤክሴሉ ላይ ነው።

ፍኖተ ሰላም፦ ታብሌቱ 5 ጊጋኸርትዝ የማያውቅ ከሆነስ?

ባሕር ዳር፦ የሆትስፖቱ ስም ታብሌቱ ላይ ካልመጣ ያ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ገመዱን ይግዛ።